ድምፁን አጥፍቼ አየሁት

እትዬ የሺመቤት ቅዳሜ ረፋድ ላይ በሳህን የተከደነ የእንቁላል ፍርፍር ይዘው ሲገቡ ምንም አልጠረጠርሁም። አንድ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው፤ ባዶ እጃቸውን ቤቴ ገብተው አያውቁም። የጠረጠርሁት ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ጉርሻዬን በዓይናቸው መከተል ሲጀምሩ ነው።

«ብዪ እንጂ» አሉኝ።

«እየበላሁ ነው፣ እትዬ። ቁርስም እኮ በልቻለሁ።»

«የቁርሱን ማን ጠየቀሽ? ይህን ጨርሽልኝ፣ የኔ ዓለም።»

«የኔ ዓለም» ብለውኝ አያውቁም። እኔን የሚጠሩኝ «አንቺ ጸሐፊ» እያሉ ነው፤ የሠፈራችን እድር ጸሐፊ ስለሆንሁ፣ በየስብሰባው ሲያረፍዱም ስለምነዘንዛቸው። ቀና ብዬ ሳያቸው ቶሎ ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ብዙም ሳይቆይ ሙሉነሽ መጣች። እሷም ጎረቤቴ ናት፤ ወሬ ሳትይዝ ሰው ቤት የማትረግጥ ሴት፣ የዚያን ቀን ዝም ብላ ገብታ፣ ግንባሬን ስማ፣ ስልኬን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችው። «ካርድ አልቆብኛል፤ አንዴ ልደውልበት» ብላ ወደ ጓሮ ይዛው ወጣች። ስትደውል ግን ድምጿን አልሰማሁም። ስትመለስም ባዶ እጇን ነበረች።

በመስኮት አሻግሬ ሳይ የእድራችን ሊቀ መንበር ጋሽ ክንዱ በሩ ላይ ቆመዋል። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ መግባትም መመለስም ያቃታቸው ይመስላሉ። ከጎናቸው ባንክ የሚሠራው የሠፈራችን ልጅ ባምላክ አለ፤ ዓይኑ ቀልቷል።

የጠቀለልሁትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስሁት። ይህን ሥራ አውቀዋለኋ! ራሴ ስንት ቤት ገብቼ ሠርቼዋለሁ። በእኛ እድር ለሴት መርዶ ሲነገር እኔ ሳልኖር አይነገርም። መጀመሪያ ከሌላ ሰው እንዳትሰማ ስልኳ ይወሰዳል። ቀጥሎ ኀዘኑ በባዶ ሆዷ እንዳያገኛት ምግብ ይቀርብላታል። ከዚያ ሽማግሌው በር ላይ ይቆማል፣ እኔም አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ሲነገራት ደግፌ እንድይዛት። አሁን አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ የሺመቤት ናቸው። እጃቸው ከወዲሁ ክንዴን ይዟል።

«ማን ነው የሞተው?» አልሁ።

«ምን ትላለች እቺ ልጅ! ማንም አልሞተ» አሉ እትዬ፤ ክንዴን ግን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ጋሽ ክንዱ፣ ይግቡ! እኔና እርስዎ ይህን ሥራ አብረን ነው የሠራነው። እኔ ላይ አይሠራም። አምሐ ነው?»

አምሐ ባሌ ነው። ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ለአስተርእዮ ማርያም በዓል ከሠፈራችን የጽዋ ማኅበር ጋር በጀልባ ጣና ላይ ወዳለው የደሴት ገዳም ተሻግሮ ነበር፤ በዚያው ደግሞ የገዳሙ የፀሐይ መብራት ተበላሽቷል ስለተባለ የመፍቻ ሳጥኑን ይዞ ነው የሄደው። የሚመለሱት የዚያን ቀን ጠዋት ነበር። እዚያ ኔትወርክ ስለሌለ ስልኩ አይሠራም። በዚህ ምድር ላይ እንደዚያ አድርገው ሊያስበሉኝ የሚችሉበት ሌላ ሰው የለኝም።

ጋሽ ክንዱ ገቡና ቆሙ። «ሰብልዬ፣ ገና ነው። ገና አላጣራነም። ዝም ብለሽ ጠብቂ።»

«ካላጣራችሁ ፍርፍሩ ምንድን ነው?»

ባምላክ በሩ ላይ እንደቆመ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ። አምሐ የለም፣ አልሁ በሆዴ። በቃ የለም። ወለሉ ላይ ቁጭ አልሁ፤ ሳህኑ ከጭኔ ላይ ተንሸራትቶ ተደፋ፤ እትዬ የሺመቤትም ከወንበሩ ወርደው አቀፉኝ።

«አሳዩኝ» አልሁ።

«አይሆንም» አሉ ጋሽ ክንዱ።

«የምታውቁትን ያወቃችሁበትን ነገር አሳዩኝ። ባምላክ፣ ስልክህ ላይ ያለው እሱ አይደለም? አምጣው።»

ባምላክ ጋሽ ክንዱን አያቸው። እሳቸው ዓይናቸውን መሬት ላይ ጣሉ። ስልኩን ሰጠኝ።

ከቪዲዮው በላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ሰበር አሳዛኝ ዜና! ዛሬ ጠዋት ከበዓል የሚመለሱ ምእመናንን የጫነች ጀልባ ጣና ላይ ሰጠመች። ከሠላሳ በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። ሚዲያዎች ደብቀውታል። ቤተሰብ እንዲሰማ ሳታጋሩ እንዳታልፉ!» ከዚያ የሚያለቅሱ ፊቶች ተደርድረዋል።

ነካሁት። የውኃ ዳር፣ ነጭ የለበሱ ብዙ ሴቶች፣ ከኋላቸው አንዲት ጀልባ። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። «ወየው! ወየው ልጄን!» የሚል፣ አንጀት የሚቆርጥ የሴት ድምፅ። አላስጨረሰኝም። ስልኩን ወርውሬ ጆሮዬን በሁለት እጄ ያዝሁ። እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም፤ በእናቴም በአባቴም አላለቀስሁም። እትዬ ራሴን ደረታቸው ላይ አድርገው እንደ ሕፃን ያወዛውዙኛል፣ ሙሉነሽ እግሬን ይዛ ታነባለች።

ጋሽ ክንዱ እስክረጋ ጠበቁ፤ ቀጥለው አጠገቤ በርከክ አሉ። «ሰብልዬ፣ ይህን በዛሬ ቀን አንቺን መጠየቅ ነውር ነው። ግን ከሠፈራችን ብዙ ሰው አለ ጀልባዋ ላይ። ሰው ሁሉ እየደወለ ነው። የእድሩ ቴሌግራም ላይ አንድ ነገር ካላልነ እድሩ ተኝቷል ይሉናል። ሰዉ ከመንገድ ከሚሰማ ከእኛ ይስማ ብለን ነበር። እዚያ ላይ የሚጽፈው ደግሞ ያንቺ ስልክ ብቻ ነው።»

ይኸው እንግዲህ! ስልኬን ከእኔ ደብቀው፣ በስልኬ ሊጽፉ ሲመካከሩ ነው የቆዩት። ሌላ ቀን ቢሆን ስቄ እሞት ነበር። ግን የጋሽ ክንዱ አንድ ቃል ጆሮዬ ላይ ቀረ፤ እድሩ። ከአልቃሻዋ ውስጥ ጸሐፊዋ ቀስ ብላ ቀና አለች።

እድራችን መርዶ ሲደርሰው አንድ ልማድ አለው። ማንም ቤት ከመሄዳችን በፊት እንጠይቃለን፤ ያየ ማን ነው? የት አየ? መቼ? «ተባለ» ያለን ሰው አናምነውም፤ «አየሁ» ያለን ሰው ፊት ለፊታችን መቀመጥ አለበት። ሰው ሞተ ማለት የሚመለስ ነገር አይደለማ።

«ባምላክ» አልሁ፣ አፍንጫዬን በነጠላዬ እየጠረግሁ፣ «ይህን የላከልህ ማን ነው?»

«የሥራ ባልደረባዬ።»

«እሱስ ከየት አገኘው?»

«ከአንድ ግሩፕ። እዚያም ከሌላ ነው የመጣው።»

«አየሁ ያለ ሰው አለ?»

ራሱን ነቀነቀ። ስልኩን ከወለሉ ላይ አንስቼ ጽሑፉን እንደገና አነበብሁት፤ ፊደሎቹ በእንባዬ ውስጥ ይዋኛሉ። የቱ ጀልባ? ስም የለም። የቱ ደሴት? የለም። የሞተ ሰው ስም የለም፣ የተረፈም የለም። ከሠላሳ በላይ ብሎ የቆጠረው ማን ነው? ዛሬ የሚለውስ የትኛው ዛሬ ነው? ቀን አልተጻፈበትም፤ በማንኛውም ቀን የሚያነበው ሰው ዛሬ ብሎ ያነበዋል። ከሁሉ ያናደደኝ ግን «ቤተሰብ እንዲሰማ» የሚለው ነው። እኛ ቤተሰብ እንደዚህ እንዳይሰማ ስልክ እንደብቃለን፣ በር ላይ እንቆማለን። ይህን የጻፈው ሰው ለቤተሰብ የሚያዝን አይደለም። ሳታጋሩ እንዳታልፉ እያለ የሚያጣድፈኝ እንዳላስብ ነው።

ንዴቱ ትንሽ አቆመኝ። ግን በችኮላ አበላሽቶ የሚጽፍ ሰው እውነት ይዞም ይሆናል። ቪዲዮውን እንደገና ማየት ነበረብኝ። ጩኸቱን ደግሞ መስማት አልችልም፤ ብሰማው እሞታለሁ። ስለዚህ ድምፁን አጠፋሁት። ብልህ ሆኜ አይደለም። ፈርቼ ነው።

ያለ ድምፅ አየሁት።

መጀመሪያ ዓይኔ የገባው ሰማዩ ነው፤ የጠቆረ፣ ዝናብ ያዘለ ሰማይ። ዳር ላይ ሣሩ ለምለም ነው፤ ውኃው የጭቃ ቀለም አለው፤ አንዳንዶቹ ዣንጥላ ይዘዋል። በመስኮቴ ወደ ውጭ አየሁ። ጥር ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ግቢው አቧራ ብቻ ነው።

«እትዬ፣ ይህ ሰማይ የመቼ ነው?»

መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ። «የክረምት ነው እንጂ! ሐምሌ፣ ነሐሴ ነው ይሄ።»

«የሴቶቹን ነጠላ ተመልከቱ» አለች ሙሉነሽ አንገቷን አስግጋ። «መስቀለኛ ነው የለበሱት። ለቅሶ ላይ እንዲህ ይለበሳል? ጥለቱ ወደ ላይ አይሆንም?»

«እሱ አይበቃም» አልኋት። «ከበዓል የሚመለስ ሰው ሊቀበሉ የወጡ ቢሆኑ፣ መርዶው ድንገት ቢደርስባቸው፣ ነጠላ የመቀየሪያ ጊዜ የት ያገኛሉ?» እንዲህ ያልሁት አምሐ እንዲሞት ፈልጌ አይደለም። የምወደውን መልስ ቶሎ ብዬ እንዳልይዝ ፈርቼ ነው። ተስፋም እኮ ያሞኛል።

ደግሜ አየሁት። አሁን አፋቸውን ብቻ። ከፊት ያለችው ወፍራም ሴትዮ አፏ አጠገብ እጇን አድርጋለች፤ ምላሷ ወዲያና ወዲህ ይፈጥናል። ከጎኗ ያለችውም እንዲሁ። ደረቷን የምትመታ ሴት የለችም። ወደ ውኃው የሚሮጥ ሰው የለም። ልጇ የሰጠመባት እናት እግሯን ተክላ ትቆማለች? በቪዲዮው መጨረሻ፣ ሊቆረጥ ሲል፣ በጥግ በኩል የወርቅ ዘርፍ ያለው የቤተ ክርስቲያን ጥላ ጫፍ ይታያል፤ ከዚያ ይጠፋል።

«እትዬ የሺመቤት» አልሁ ቀስ ብዬ፣ «እነዚህ ሴቶች ምን እያደረጉ ነው?»

ስልኩን ወስደው ዓይናቸው አጠገብ አስጠጉት። ረጅም ጊዜ አዩ። «እልል እያሉ ነው» አሉ።

«አሁን ድምፁን ክፈተውና አንተ ስማልኝ፣ ባምላክ፤ እኔ አልችልም» አልሁ። ጆሮዬን ይዤ ፊታቸውን አየሁ። ባምላክ ደጋግሞ ሰማው። «ጩኸቱ አንድ ነው» አለ። «ያው "ወየው ልጄን" ነው፣ ሳል ቢጤ አለበት በመሐል፤ ያልቅና ያችው ሳል ተመልሳ ትመጣለች። ከሌላ ቦታ ቆርጠው የቀጠሉት ድምፅ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን የሠራው ባምላክ ነው። ከቪዲዮው ላይ አንዱን ምስል ነጥሎ ኢንተርኔት ላይ ተመሳሳዩን ፈለገ። አልተገኘም። ጥላው የሚታይበትን ምስል ወስዶ እንደገና ሞከረ። መጣ። ያቺው ወፍራም ሴትዮ፣ ያችው ጀልባ፤ ግን ረጅሙና ጥርት ያለው ቪዲዮ፣ ሦስት ክረምት ያለፈው። ታቦት በጀልባ ተሻግሮ ወደ አዲሱ ቤተ መቅደስ ሲገባ ነው የሚለው ጽሑፉ። ባምላክ ድምፁን ከፈተው፤ ቤቴ በእልልታ ተሞላ። እትዬ የሺመቤት ሳያስቡት አብረው እልል ካሉ በኋላ ደንግጠው አፋቸውን ያዙ።

ሁሉም ተነሱ። ጋሽ ክንዱ ጋቢያቸውን አስተካክለው «ተመስገን!» አሉ። «በይ እንግዲህ ሰብልዬ፣ አሁኑኑ ጻፊ። ውሸት ነው፣ ሁሉም ደህና ናቸው በዪ! ሰዉ ይረፍ!»

ሙሉነሽ ስልኬን ከጓሮ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሥር አምጥታ ሰጠችኝ። ያን «ሁሉም ደህና ናቸው» የሚለውን ለመጻፍ ምን ያህል እንደጓጓሁ አልናገርም። ከጻፍሁት እውነት የሚሆን መሰለኝ። ጣቴ ፊደሎቹ ላይ ነበር።

«አልጽፍም» አልሁ።

«ምን ሆነሻል?»

«የቪዲዮውን ውሸትነት ነው ያወቅነው፣ ጋሽ ክንዱ። የጀልባዋን አናውቅም። ጠዋት ይመጣሉ የተባሉ ሰዎች አሁንም አልመጡም። ደህና ናቸው ብዬ ብጽፍና ባይሆኑስ? እኔስ አየሁ ወይ? የት? መቼ?» ይህን ስናገር አምሐን በገዛ አፌ ወደ ጥርጣሬው መለስሁት።

ጋሽ ክንዱ «ልክ ነሽ» አሉ። ለወደቡ ጀልባ ማኅበር ደወሉ። ተረኛው አካሉ የሚባል ሰው ነው፤ ድምፁ በነፋስ ይቆራረጣል። አደጋ ደረሰ የሚል ሪፖርት እስካሁን አልደረሰውም። ግን ጀልባዋ አልገባችም፤ ሐይቁ ላይ ነፋስ ተነስቷል፤ ምናልባት እዚያው ቆመው ነፋሱ እስኪበርድ እየጠበቁ ይሆናል፤ እሱም አያውቅም። ሰምተን ስናበቃ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

«ጀልባ ሰጠመ ተብሎ የሚዘዋወረው ቪዲዮ የዛሬ አይደለም፤ የዛሬ ሦስት ክረምት የታቦት በዓል ነው፤ ልቅሶው በኋላ የተጨመረ ድምፅ ነው። ዋናውን ከታች አያይዘናል። ወደ ገዳም የሄዱት ወገኖቻችን ገና አልገቡም። የጀልባ ማኅበሩ የአደጋ ሪፖርት አልደረሰኝም ብሎናል። ያየ ሰው ስናገኝ እንነግራችኋለን። እስከዚያ ቪዲዮውን አታጋሩ፤ ማንም ቤት ለመርዶ አትሂዱ።»

ባምላክ ከጎኔ ሆኖ የራሱን ስልክ አሳየኝ። የአምሐን ፎቶ፣ በአጎቱ ልጅ ሠርግ ላይ የተነሳውን፣ በጥቁር መስመር ከብቦ «ነፍስ ይማር፣ ወንድሜ» ብሎ ጽፎበታል። አልላከውም ነበር። «ከመላኬ በፊት ላንቺ ይነገርሽ ብዬ ነው» አለኝና አጠፋው፤ ከዚያ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። አምሐን ይወደዋል። ኀዘኑን የሚያስቀምጥበት ሲያጣ ስልኩ ላይ ሊያስቀምጠው ነበር። አብዛኛው ሰው እኮ የሚልከው እንዲህ ሆዱ ተነክቶ ነው።

ባጃጅ ይዤ ወደ ወደቡ ወረድሁ። ጋሽ ክንዱ አብረውኝ መጡ። ውኃው ዳር ብዙ ሰው ተሰብስቧል፤ ግማሹ ስልኩን ያያል፣ ግማሹ ሐይቁን። ማዕበሉ ድንጋዩን ይደበድባል። አካሉን አገኘነው፤ የተጨነቀ፣ ሰው ሁሉ ከብቦ የያዘው ሰውዬ ነው። «እንደነገርኋችሁ ነው፤ አላውቅም» አለን። ወደድሁት። የዚያን ቀን «አላውቅም» የሚል ሰው ጠፍቶ ነበር።

ከሰዉ ፈንጠር ብላ መሬት ላይ የተቀመጠች ሴት ነበረች፤ በዘመዶቿ ተከባ። ጥቁር ጨርቅ በራሷ ላይ ጣል አድርጋለች። ጉንጯ ተቧጥጦ ደም አርግቷል። ጨርቁ ሲንሸራተት ራሷን አየሁ፤ ተላጭታለች። አዲስ ምላጭ ያረፈበት ነው፤ እዚህም እዚያም ቆርጧታል። ዘመዶቿ እንደነገሩኝ፣ ከከተማው ወጣ ካለችው ከዘንዘልማ ነው የመጣችው። ጠዋት ዘመዷ ያን ቪዲዮ በስልክ አስከፍቶ አሳይቷታል፤ ልጇ ጀልባዋ ላይ ነበረች። ስልክ የደበቀላት፣ በር ላይ የቆመላት አልነበረም። አሁን የመጣችው አስከሬን ልትቀበል ነው።

አጠገቧ ተቀመጥሁ። «እማማ፣ ያዩት ነገር የዛሬ አይደለም» አልኋት። «የበዓል ነው። ሴቶቹ እልል እያሉ ነው።»

እንደምቀልድባት ሁሉ አየችኝ። «ሰምቻት የለ?» አለች። ድምጿ አልቋል። «ልጄን ስትል ሰምቻታለሁ። ያቺም እናት ናት እንደኔው።»

ዋናውን ቪዲዮ ላሳያት ስልኬን አወጣሁ፤ አላየችውም። አንዴ ልብ ውስጥ የገባ ጩኸት በምን ይወጣል? ልጅዎ ትመጣለች ብዬ ልምልላትም አልችልም። እኔም አላውቅም። እጇን ያዝሁ። እጄን አጥብቃ ያዘችኝ። እንዲሁ ተቀመጥን፤ እሷ ሞታለች ብላ፣ እኔ አልሞተም ብዬ፣ አንድ ውኃ እያየን።

ነፋሱ ሲበርድ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። «ያቻት!» አለ አንድ ሰው። እኔ ምንም አላየሁም፤ ዓይኔ በእንባ ተሸፍኗል። ቀጥሎ የሞተር ድምፅ ሰማሁ። ጀልባዋ ቀስ እያለች፣ ነጭ በነጭ ሆና፣ እየዘመሩባት መጣች። ሰዉ ወደ ውኃው ገባ፤ ጫማውን ያወለቀም ያላወለቀም ገባ።

አምሐ በሦስተኛው ወይ በአራተኛው ወረደ። የመፍቻ ሳጥኑን ይዟል፤ ፊቱ በፀሐይ ተቃጥሏል። ሲያየኝ ግራ ገባው። «እንዴ፣ ሰብለ! ምን ሆናችሁ? ምን ፈልገሽ መጣሽ?» አለኝ። ሃያ ዓመት ሊሞላን ነው ከተጋባን፤ በአደባባይ እጁን ይዤው አላውቅም፤ እንደዚያ ያደግን ሰዎች አይደለንም። የዚያን ቀን ግን ከነሳጥኑ አቀፍሁት። ልቡ ሲመታ በጆሮዬ ሰማሁት። «ሰው እያየ ነው እኮ» አለኝ። «ይየና!» አልሁት። «ፈርቼ ነው፣ አምሐዬ። በጣም ፈርቼ ነው።» ሌላ ምንም አልጠየቀኝም፤ ሳጥኑን አስቀምጦ ሁለት እጁን ጀርባዬ ላይ አደረገ።

በትከሻው ላይ አሻግሬ ያቺን እናት አየኋት። ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ጀልባዋን እያየች ነበር፤ ግን እንደማታምን ሰው። አንዲት የአሥራ ስድስት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ፣ የገዳሙን እምነት ግንባሯ ላይ የተቀባች፣ ከሰው መሐል እየተሽሎከለከች መጣችና ፊቷ ቆመች።

«እማዬ?»

ሴትዮዋ እጇን ዘርግታ የልጇን ጉልበት ዳሰሰች። ቀጥሎ ወገቧን። ቀጥሎ ፊቷን፣ አፏን፣ ጆሮዋን። ጥቁሩ ጨርቅ ከራሷ ላይ ወደቀ።

ልጅቱ የተላጨውን ራስ አየች፤ የተቧጠጠውን ጉንጭ አየች፤ የዘመዶቿን ጥቁር ልብስ አየች። የያዘችው የጠበል ጠርሙስ ከእጇ ወደቀ።

«ማን ሞተብን?» አለች። «እማዬ፣ ማን ነው የሞተብን? አባዬ ነው? ንገሪኝ እንጂ!» ተንበረከከችና፣ ማንን እንደምታለቅስ ሳታውቅ፣ ጮኻ ማልቀስ ጀመረች።

እናትየው ራሷን ይዛ ደረቷ ላይ አስተኛቻት።

«አንቺ ነበርሽ፣ ወንጌላዊትዬ» አለቻት። «አንቺ ነበርሽ።»